ስድስት ሳምንት ለምን ይዘገያል?



የጥንቱን ታሪክ ፈጠን ብዬ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1965 ብሉምበርግና ባልደረቦቹ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ነገር ማግኘታቸውን ጻፉ፤ በኋላ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሽፋን ሆኖ ተገኘ። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ተፈቀደ። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ቫይረሱ ያለባቸውን እናቶች ልጆች እንደተወለዱ መከተብ ጀመረች። እኛ በ1999 ዓ.ም. በፔንታቫለንት ውስጥ አስገባነው፤ ግን በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት።

እዚህ ላይ እንቆይ። ይህን ታሪክ የጻፉ አንዳንዶች «በአፍሪካ ቫይረሱ የሚተላለፈው ከልጅ ወደ ልጅ እንጂ በወሊድ አይደለምና 6 ሳምንት በቂ ነበር» ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። የአፍሪካን ጥናቶች ያሰባሰበ የ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ እንዳሳየው፣ መከላከያ ካልተሰጠ፣ ኢ አንቲጅን ካለባቸው እናቶች ከመቶ ልጆች 38 ያህሉ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 5 ያህሉ ይያዛሉ። አምስት ትንሽ ቢመስልም የእናቶቹ ብዛት ሲታሰብ፣ የሁለቱም ወገን ልጆች ተደምረው፣ ከሰሃራ በታች በዓመት 3 መቶ 60 ሺህ የሚያልፍ አራስ ነው። በወሊድ ከተያዙት ከ10 ዘጠኙ በሽታውን ዕድሜ ልክ ይሸከማሉ፤ በጎልማሳነት ከተያዙት ግን ከመቶ 5 አይሞሉም።

ሰዓቱ ለምን ይጣደፋል? ሕፃኑ የእናቱን ደም የሚነካው በምጥና በወሊድ ነው። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ለመደላደል ሳምንታት ይፈልጋል፤ የክትባቱ መከላከያም ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ የተሰጠ መርፌ ቫይረሱን ይቀድመዋል፤ የ6 ሳምንቱ ግን የሚደርሰው ቫይረሱ ቤቱን ከሠራ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። እናቱ በምርመራ ቫይረሱ የተገኘባት ሕፃን ዓርብ ማታ ተወለደ። የክትባት ክፍሉ ማቀዝቀዣ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለው ሰው ቤቱ ሄዷል። ሕፃኑ የተከተበው ሰኞ ነው። ክትባቱ ነበረ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን አልነበረም። ሌላ ቦታ ደግሞ «ለአንድ ሕፃን የአሥር ሰው ጠርሙስ አንከፍትም» ሲባል ሰምቻለሁ። በደንቡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከተጠበቀ የተከፈተ ጠርሙስ እስከ 28 ቀን ይሠራል። የሚያበላሸው በረዶ መያዝ ነው። ቤቷ የወለደች እናት ደግሞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስትመጣ እግረ መንገዷን ላስከትብ ካለች፣ ማክሰኞ የተወለደው ልጅ ስድስት ቀን ሞልቶታል።

ልጠቅልል፦ ክርክሩ ቫይረሱ በአፍሪካ እንዴት እንደሚተላለፍ ቢሆንም፣ መልሱ አንድ ነው፤ ከመቶ አምስቱም ልጆች ናቸው፣ እነሱን የሚያድን የመጀመሪያው ቀን መርፌ ነው፣ እሱም ማዋለጃ ክፍል መገኘት አለበት።

ሰዓቴ አልቋል፤ የቀረውን በአጭሩ። ለአራስ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢን ብቻ የያዘው ክትባት ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ጭኑ ላይ፤ ፔንታቫለንት ለአራስ አይሰጥም። ቀኑ ቢያልፍም ይሰጥ። ቫይረሱ በእናት ደም ውስጥ ከበዛ መርፌው ብቻውን አይበቃም፤ በእርግዝናዋ ቴኖፎቪር ትጀምር፣ ከተገኘም ለሕፃኑ ኢሚውኖግሎቡሊን በ12 ሰዓት ውስጥ ይታከልለት። ጡት ማጥባት አይከለከልም። የ6፣ የ10ና የ14 ሳምንቱ ክትባትም አይቅር።