ከ273 እስከ 551



ግድግዳው ላይ የሚታየው ስላይድ በቀመርና በቁጥር የታጨቀ ነው። ይህ ዲስኩር ከእሱ አይወጣም። ምሳሌዎቹም እዚያው የሰፈሩት የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውጤቶች ብቻ ናቸው።

ጥናቱን ያካሄደው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 15,683 ሴቶች ተጠየቁ። እያንዳንዷ የእናቷን ልጆች ቆጠረች፤ የሞተች እህት ካለችም በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ እንደሆነ ተናገረች። ከዚህ የወጣው ግምት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 የእናቶች ሞት ነው። አጠገቡ በቅንፍ «ከ273 እስከ 551» ይላል። 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል የሚባለው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው «እውነተኛው ቁጥር እዚህ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ብሎ ያነበዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። 95 በመቶው የሚናገረው ስለ አሠራሩ ነው፤ ያው ጥናት በሌሎች ሴቶች ላይ መቶ ጊዜ ቢደገም መቶ ልዩ ልዩ ክልሎች ይወጣሉ፤ ከእነሱም ወደ 95 የሚጠጉት እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋሉ። ከ273 እስከ 551 ያለው ክልል ከየትኞቹ ወገን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ክልሉ ይህን ያህል የሰፋው የተጠየቁት ስላነሱ አይደለም። እንዲህ ያለው ሞት፣ ምንም ቢያሳዝን፣ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ጥቂት ሞት ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ግምቱ ይዋዥቃል። በዚያ ላይ ሴቶቹ የተመረጡት ከ645 የቆጠራ ቦታዎች በመንደር በመንደር ነው፤ የአንድ መንደር ሰዎች ደግሞ ኑሯቸው ስለሚመሳሰል ክልሉ ይበልጥ ይሰፋል።

አሁን ወደ ቀደሙት ጥናቶች። በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676 ተመዝግቧል። «ሞቱ በሦስት ጨመረ» የሚል ዜና ቢጻፍ ከንቱ ነው፤ የ2003ቱ ክልል ብቻውን ከ541 እስከ 810 ይዘረጋል።

የሚያሳስተው የ2003 እና የ2008 ንጽጽር ነው። ሁለቱ ክልሎች ከ541 እስከ 551 ባለው ይደራረባሉ። «ስለዚህ ለውጥ የለም» ማለት ይቀናል፤ ስሕተት ነው። መጠየቅ ያለበት የልዩነቱ የራሱ ክልል ነው። ልዩነቱ 264 ነው። የክልሎቹ ግማሽ ስፋት 135 እና 139 ገደማ ስለሆነ፣

√(135² + 139²) ≈ 194

ይሆናል። ልዩነቱም ከ70 እስከ 458 ባለው ይገመታል፤ ዜሮ ውስጡ የለም። ስለዚህ መቀነሱን በናሙና ዕጣ ብቻ ማመካኘት ያዳግታል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን የሚለካው ከናሙና የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው። እህቷ ነፍሰ ጡር ሆና መሞቷን ያላወቀች ሴት የምትፈጥረው ጉድለት በ273 እና በ551 መካከል አልተቆጠረም፤ የተጠያቂዎቹን ቁጥር እጥፍ ማድረግም ያንን ጉድለት አያስተካክለውም።