አዲሱ ዳሽቦርድ ምን አሳየን?
(ለብድር ኮሚቴው ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ከአዲሱ የብድር ዳሽቦርዳችን ዛሬ ሁለት ነገር ብቻ አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ከላይ ያለውን 15 በመቶ ተመልከቱ። የቀድሞው ሪፖርታችን 2 በመቶ ነበር የሚለው። አትደንግጡ፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። በአባላት እጅ ካለው 600,000 ብር ውስጥ ቀኑ ያለፈበት ክፍያ 12,000 ብር ነው፤ ድሮ የምንቆጥረው ይህንን ብቻ ነበር። ዳሽቦርዱ ግን ክፍያቸው ከ30 ቀን በላይ የዘገየባቸውን 9 እህቶች ቀሪ ዕዳ በሙሉ ይቆጥራል፤ 90,000 ብር ይሆናል። አንድ ወር ያለፈው ክፍያ ካለ የቀረውም ያሰጋልና።

ሁለተኛ፣ ከታች ያለውን ዝርዝር እዩ። ከ9ኙ 6ቱ በጉልት የሚነግዱ ናቸው። መክፈል የጀመሩት ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ ገበያተኛውን በሚበትንበት ወር።

ዳሽቦርዱ ማን እንደዘገየች እንጂ ለምን እንደዘገየች አይነግረንም። ስለዚህ ቅጣት ከመወሰናችን በፊት ሄደን እንጠይቃቸው። ምክንያቱ ክረምቱ ከሆነ፣ የጉልት ነጋዴዎች ክፍያ ከመስከረም ይጀምር እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?