ገቢው በየወሩ ለሚለያይ ሰው ከመቶ ብር ስንት ብር ይቆጠብ?

ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ ይሁን። የዛሬው ትምህርት ስሌት አለበት።

ደመወዝተኛ በየወሩ ያው ገንዘብ ስለሚደርሰው «በወር ይህን ያህል አስቀምጣለሁ» ቢል ይሆንለታል። በጌጫና ከዚያ ወረድ ባሉት የቡና ቀበሌዎች ግን ገንዘብ የሚመጣው በወቅት ነው። በመኸር ቡና ይሸጣል፤ በግንቦት ማር ይቆረጣል፤ በክረምት የሚበዛው ዝናቡ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ስንት ይቆጥብ?

አንድ አባወራ እናስብ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድናቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ። ይህ ሰው በደብተሩ ገጽ ላይ አሥራ ሁለቱን ወሮች ከላይ ወደ ታች ጻፈ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደመራት። ከየወሩ ጎን ባለፈው ዓመት በእጁ የገባውን ገንዘብ አሰፈረ። በኅዳር ቡና ሸጦ 9,000 ብር አግኝቷል። በግንቦት ከማር 6,000 ብር አግኝቷል። በሐምሌ 1,000 ብር ብቻ ነው። የዓመቱ ድምር 40,000 ብር ሆነ።

ቀጥሎ ወጪውን ጻፈ። ለጨው፣ ለዘይት፣ ለሳሙና፣ ለወፍጮና ለመሳሰለው በወር 2,600 ብር ያወጣል። በዓመት 31,200 ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዓመት ጠብቀው የሚመጡት ወጪዎች ግን ይረሳሉ፤ የመሬት ግብር፣ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የጤና መድኅን መዋጮ፣ የበዓል ወጪ። እነዚህ ሲደመሩ 6,400 ብር ሆኑ። ጠቅላላ ወጪው እንግዲህ 37,600 ብር ነው። ከ40,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 2,400 ብር ነው።

ይህን ሁሉ ቆጥባለሁ ይበል? አይበል። ለቅሶ አለ፣ ሕመም አለ፣ በደብተሩ ያልተጻፈ ነገር አይጠፋም። ግማሹን ለዚያ ይተወው። ለቁጠባ 1,200 ብር ይቀራል። በ40,000 ብር ውስጥ 400 መቶዎች አሉ። 1,200ን ለ400 ስናካፍል 3 ይመጣል። ስለዚህ ይህ ሰው ከሚያገኘው ከየመቶ ብሩ 3 ብር ይቆጥባል።

«3 ብር ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። እስኪ በየወሩ 100 ብር ከሚያስቀምጠው ጋር እናወዳድረው። የሁለቱም የዓመት ድምር አንድ ነው፤ 1,200 ብር። በሐምሌ ግን 1,000 ብር ብቻ ላገኘው ሰው 100 ብር ከባድ ነው። ከመቶው 3 የሚቆጥበው በሐምሌ 30 ብር፣ በኅዳር 270 ብር ያስቀምጣል። ሸክሙ ከገቢው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ዕጣው በየጊዜው እኩል ስለሚጠይቅ እንዲህ ላለው ገቢ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ኅዳር እንመለስ፤ ስሕተት የሚበዛው በዚያ ወር ነውና። ከ9,000 ብሩ የወሩ ወጪ 2,600 ሲነሣለት 6,400 ብር ይተርፋል። «ሀብታም ሆንኩ» ያሰኛል። ነገር ግን የሐምሌን ወጪ እንይ። ገቢው 1,000፣ ወጪው 2,600 ነው፤ 1,600 ይጎድላል። ነሐሴም እንደዚሁ ቢጎድልበት 3,200 ብር ይሆናል። የካቲትና መጋቢትም የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። ከኅዳሩ ገንዘብ አብዛኛው የእነዚህ ወሮች ነው። ይህን ማሻገሪያ እንበለው፤ ቁጠባ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቦታ ከተቀላቀሉ ሰውየው በክረምት የትኛውን እንደሚነካ አያውቅም። በቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም በባንክ ደብተሩ ለየት ለየት ይበል። አንዳንዱ ማሻገሪያውን በጀንፈል ያስቀምጣል። በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካላገኘው ያዋጣል፤ ከረጠበ ግን ሻግቶ ዋጋው ይወድቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና አንድ ዓመት በብዛት ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ያንሳል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ገቢ የምታስታውሱ ከሆነ ባነሰው ዓመት አስሉ። ስሌቱ ምንም ትርፍ ካላሳየ ደግሞ የዘንድሮው ቁጠባ ዜሮ ነው። ተበድሮ መቆጠብ ወለድ መጨመር እንጂ ቁጠባ አይደለም። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ማሻገሪያው ነው።

ልካችሁ ከአቅማችሁ በላይ መሆኑ በክረምት ይታወቃል። በኅዳር ያስቀመጣችሁትን ቁጠባ በሐምሌ ካወጣችሁ፣ ወይም ዛፍ ላይ ያለውን ቡና ገና ሳይቀላ ለነጋዴ በርካሽ ከሸጣችሁ፣ ከመቶው 3 የነበረውን ወደ 2 አውርዱ። ነሐሴን ሳትበደሩ ካለፋችሁ በጥቅምት ደብተሩን ገልጣችሁ እንደገና አስሉ፤ ምናልባት 4 ይወጣችኋል።