ደካማ ጎን በሚለው ቦታ

ጥር ሲገባ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስድስት ወሩ የአፈጻጸም ምዘና ይሞላል። ቅጹ ላይ "ደካማ ጎን" የሚለው ቦታ ብዙ ኃላፊዎችን ያስጨንቃል።

እንሴኖ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያን እናስብ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በገበያ ቀን ያረፍዳል። ኃላፊው "የሥነ ምግባር ችግር አለበት" ብሎ ቢጽፍ በሰውየው ላይ ፈረደ እንጂ ስለ ሥራው አልነገረውም። ሠራተኛው የሚያስተካክለውን ሳይሆን የሚከራከርበትን ያገኛል። "መጠነኛ መሻሻል ይጠበቅበታል" ቢለውም ያው ነው፤ ምን እንደጎደለ አያውቅም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ "በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በሦስት የገበያ ቀናት ካርድ ክፍሉ 2፡00 ሰዓት መከፈት ሲገባው ከ2፡40 በኋላ ተከፍቷል። ከገጠር የመጡ ታካሚዎች ቆመው ጠብቀዋል። ከጥር ጀምሮ 2፡00 ላይ ይከፈት፤ የሚያስቀር ነገር ካለ በዋዜማው ይነገረን።" ቀኑ፣ ያስከተለው ጉዳትና ቀጣዩ ሥራ አሉበት፤ ስድብ የለበትም። ቀኖቹ ግን ከሰዓት ፊርማው መዝገብ የተወሰዱ ይሁኑ፤ በትዝታ የተጻፈ ቀን በቅሬታ ጊዜ አይቆምም።

ከመጻፍ በፊት ሠራተኛውን መጠየቅም ግድ ነው። ምናልባት ቁልፉ ያለው አርፍዶ በሚመጣ ሌላ ሰው እጅ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጉድለቱ የአሠራር ነው፤ በእሱ ቅጽ ላይ አይሰፍርም።

ነጥቡም ከጽሑፉ ይስማማ። ማርፈዱን በግልጽ ጽፎ በሰዓት አክባሪነት ሙሉ ነጥብ የሰጠ ኃላፊ፣ ሠራተኛው የትኛውን እንዲያምን ይፈልጋል?