የሐዘን ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ስለ ማድረስ
(በገዘር በመስጊዳችን ለተሰበሰበው ጀመዓ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ኮሚቴው እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ የመረጥኩት ርእስ በራሴ ስሕተት የተማርኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አካባቢ አንዲት እናት በዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ የነበረች ልጃቸው ሞተችባቸው። መርዶው በተነገረ በሁለተኛው ቀን የቀጣሪዎቿ ቤተሰብ የላኩት የሐዘን መልእክት በአንዲት ጓደኛዋ ስልክ በኩል ደረሰ። መልእክቱ በዐረብኛ ነበር። ትንሽ ዐረብኛ ስለማውቅ «አንተ አንብብልን» ተባልኩ። ለቅሶ ቤቱ እንደምታውቁት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጧል፤ አማርኛውን ሰምቶ ለአጠገቡ ሰው በአሪኛ የሚያቀብል ጎረቤትም አለ።

መልእክቱ አጭር ነበር። «አዕዘመላሁ አጅረኩም፣ ወአሕሰነ ዐዛአኩም፣ ወገፈረ ሊመይዪቲኩም» ይላል። ዐረቦች ለቅሶ ሲደርሱ የሚሉት የታወቀ ዱዓ ነው። እኔ ቃል በቃል ሄድኩ። የመጀመሪያውን «አላህ ዋጋችሁን አበዛላችሁ» ብዬ አነበብኩት። እናትየው አንገታቸውን ቀና አድርገው «የምን ዋጋ ነው ልጄ? ደመወዟን ነው የሚሉት ወይስ የደሟን?» አሉኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያልተከፈላት የወራት ደመወዝ እንዳለ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር። ስለዚህ የእኔ አንድ ቃል ዱዓውን የገንዘብ ቃል ኪዳን አደረገው። ከአጎቶቿ አንዱ «መቼ እንደሚልኩት ጠይቅልን» እስከ ማለት ደረሰ።

ስሕተቱ የት ላይ እንደነበረ ልዘርዝረው፤ ነገ ከናንተ አንዱ በዚያ ቦታ ይቀመጣልና።

የመጀመሪያው «አጅር» የሚለው ቃል ነው። በዐረብኛ አጅር የሠራተኛ ደመወዝም ነው፤ አላህ ለባሪያው የሚሰጠው ምንዳም ነው። ዐረቡ በለቅሶ ቤት ሲሰማው የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም፤ ልማዱ ይነግረዋል። በአማርኛ ግን «ዋጋ» ወይም «ደመወዝ» ካልን የሚሰማው ገንዘቡ ብቻ ነው። «ምንዳ» ብንል እንኳ ለብቻው አይበቃም። ልጇ ለሞተባት እናት «ምንዳሽ ይብዛ» ማለት በሞቷ ያተረፈች ያስመስላታል። ዐረብኛው ሳይናገር የተወው አንድ ነገር አለና እኛ መናገር አለብን፤ እርሱም ምንዳው የሚገኘው በሶብር መሆኑ ነው። ስለዚህ «ስለ ሶብራችሁ አላህ ምንዳችሁን ያብዛላችሁ» ብንል አንድ ቃል ጨመርን እንጂ መልእክቱን አልለወጥንም።

ሁለተኛው የግሡ ቅርጽ ነው። «አዕዘመ»፣ «አሕሰነ»፣ «ገፈረ» ሦስቱም ያለፈ ጊዜ ግሦች ናቸው። ዐረብኛ ዱዓን በኀላፊ ግሥ ይናገራል። አማርኛ ግን ዱዓውንም ምርቃቱንም የሚናገረው «ያብዛ»፣ «ያሳምር»፣ «ይማር» እያለ ነው። እኔ «አበዛላችሁ» ስል ዱዓውን ወሬ አደረግሁት። አጎትየው ገንዘቡ የተወሰነ መስሎት «መቼ» ያለኝ ከዚህ የተነሣ ነው። ከዐረብኛ የመጣ የሐዘን ቃል ሲነበብ አላህ አንድ ነገር «አደረገ» የሚል ከሆነ ቆም ብላችሁ እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ «ያድርግ» ማለቱ ነው።

ሦስተኛው «መይዪት» ነው፤ ሟች ማለት ነው። በዐረብኛ «ሟቻችሁን ይማር» ማለት ነውር የለበትም። በአማርኛ ግን በእናቲቱ ፊት ልጇን «ሟቻችሁ» ማለት ልጅቷን ሬሳ ብቻ አድርጎ ያስቀራል። በስሟ መጥራት ወይም «ልጃችሁን አላህ ይማራት» ማለት ይገባል። ብዙ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የሚሉት «ነፍስ ይማር»ም በትርጉሙ የምሕረት ልመና ስለሆነ ቅርብ ነው።

መካከለኛው ሐረግ ግን ምንም አላስቸገረኝም። «ዐዛእ» ሐዘንን መቻል፣ መጽናናት ነው፤ «ተዕዚያ» ስንልም ሰውን እንዲችል ማድረግ፣ ማጽናናት ማለታችን ነው። አማርኛው «ማጽናናት»ም ጸና ከሚለው የመጣ ነው፤ የወደቀውን ማቆም ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ላይ ተገናኝተዋል። «መጽናናታችሁን ያሳምርላችሁ» ብንል ዐረቡም ሐበሻውም ያው ነገር ሰማ።

ኢማም ነወዊም «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው እነዚህን ሐረጎች እንደ ሰዉ ሁኔታ ይለያዩአቸዋል። ሐዘንተኛውም ሟቹም ሙስሊም ከሆኑ ሦስቱም ይባላሉ። ሙስሊሙ የሞተበት ዘመዱ ሙስሊም ካልሆነ የመጨረሻው ሐረግ ይቀራል። ሐዘንተኛው ሙስሊም ሳይሆን ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ስለ አጅር የሚለው የመጀመሪያው ይቀራል። በእነዚህ በሦስቱም ሁኔታዎች የሚጸናው መካከለኛው፣ ማለትም የመጽናናቱ ሐረግ ነው። በአንድ ቤት የሁለት ሃይማኖት ዘመዶች ለሚኖሩበት ለእኛ አካባቢ ይህ አከፋፈል ትልቅ መመሪያ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ለእርዳታ የሮጡት ሳይቀሩ በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። እንዲህ ላለው ሐዘን ከመስጊድ ደብዳቤ ሲጻፍ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» የሚለው ቃል ለሁሉም የሚደርስ የዚያው መካከለኛ ሐረግ አማርኛ ነው።

«ሶብር» የሚለውም ወጥመድ አለው። እኛ እርስ በርሳችን «ሶብር አድርጉ» ስንባባል እንግባባለን። ይህን ቃል ለማያውቅ ጎረቤት «ታገሡ» ብለን ስንተረጉመው ግን «ዝም በሉ፣ አታልቅሱ» እንዳልነው ሊሰማው ይችላል። ሶብር ዕንባን አይከለክልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸው ልጅ በጣር ላይ ሳለ ለልጃቸው በመልእክተኛ የላኩት ቃል በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። መጀመሪያ ሰላምታ አደረሱላት፤ ቀጥሎም የወሰደውም የሰጠውም የአላህ መሆኑንና ለሁሉም ቀጠሮ እንዳለው አስታወሷት፤ በመጨረሻም ሶብር እንድታደርግና ከአላህ ዘንድ እንድታስበው ነገሯት። እርሷ ግን በመሐላ አስጠራቻቸውና ራሳቸው ሄዱ። ሕፃኑን ሲይዙት ዓይናቸው አነባ። አብሯቸው የነበረው ሰዕድ በተደነቀ ጊዜ ይህ አላህ በባሪያዎቹ ልብ ያኖረው እዝነት መሆኑን ነገሩት። ስለዚህ ሶብርን ለማያውቀው ሰው ስናደርስ «አላህ ልባችሁን ያጽናው» ብንል ይሻላል።

በዚያው መልእክት ውስጥ «ከአላህ ዘንድ ማሰብ» ያልኩት በዐረብኛ ኢሕቲሳብ ይባላል። ቃሉ ከሒሳብ ጋር አንድ ዘር ነው፤ የአማርኛው «አሰበ»ም የዚያው ዘመድ ነው። በአንድ ቃል የሚተካው አማርኛ አላገኘሁለትም። ትርጉሙ ግን እናቲቱ የጠየቁኝን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሒሳቡ ከቀጣሪ ጋር ሳይሆን ከአላህ ጋር ነው።

እንግሊዝኛም የራሱ እሾህ አለው። «ሶሪ» የሚለው ቃል ይቅርታም ነው፤ አዝናለሁም ነው። ዘመዱ በሆስፒታል ወይም በሥራ ቦታ ለሞተበት ሰው የመጣ ደብዳቤ «ሶሪ» ብሎ እንደሆነና አንባቢው «ይቅርታ እንጠይቃለን» ካለው፣ ቤተሰቡ ጥፋተኛው ራሱን አመነ ብሎ ወደ ክስ ሊሄድ ይችላል። የሚለየው የሚከተለው ቃል ነው። «ስለ ደረሰባችሁ ሐዘን» የሚል ከተከተለው «አዝናለሁ» ነው። «ስላደረግነው» ወይም «ስላላደረግነው» የሚል ከተከተለው ይቅርታ ነው። ሁለቱንም የሚመስል ከሆነ አንባቢው በራሱ አይፍረድ፤ ደብዳቤው እንዳለ ይቀመጥና የሚያውቅ ሰው ይየው።

ወደዚያች ቤት ልመለስ። ስሕተቴን ከተረዳሁ በኋላ «እማማ፣ አጥፍቻለሁ፤ እንደገና ላንብበው» አልኳቸው። «ስለ ሶብራችሁ አላህ ምንዳችሁን ያብዛላችሁ፤ መጽናናታችሁን ያሳምርላችሁ፤ ልጃችሁን ይማራት» ብዬ አነበብኩ። «አሚን» አሉና አለቀሱ። ከዚያም ለአጎቶቿ «ስለ ደመወዟ በዚህ ውስጥ አንድም ቃል የለም፤ እርሱ በሌላ ደብዳቤ፣ በሌላ ቀን ይጠየቃል» አልኳቸው። ይህን መለየት ግዴታ ነበር። ዱዓውን የገንዘብ ተስፋ አድርጎ መተው ቤተሰቡን መዋሸት ነው፤ ዱዓው ስለ መጣ ሐቋን መርሳትም ሐቋን መብላት ነው።

መልስ መላክም ነበረብን። ሽማግሌዎቹ «ክፉ አይንካችሁ፤ ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን በልልን» አሉ። እኛ ዘንድ ያማረ መልስ ነው። ነገር ግን «ብድር»ን ወደ ዐረብኛ «ደይን» ብዬ ባሻግረው ቀጣሪዎቹ «ያበደርናችሁ ገንዘብ የለም» ብለው ይደነግጣሉ። በዚያ ላይ እነርሱ ራሳቸው የልጅቷ ባለዕዳዎች ሆነው ሳለ ባለዕዳው እኛ እንሆናለን። ስለዚህ ብድሩን ተውኩና «ላ አራኩሙላሁ መክሩሀን» ብዬ ጻፍኩ። አላህ የምትጠሉትን አያሳያችሁ ማለት ነው፤ ዐረቦችም በለቅሶ ለመጣላቸው ሰው የሚመልሱት እንዲሁ ነው፤ ከ«ክፉ አይንካችሁ» ጋር ወንድማማች ነው። ለብድሩ ግን አቻ ስላላገኘሁለት በበኩላችን በደስታ ቀን እንድንገናኝ ዱዓ አድርገናል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩት ልማድ ይህ ነው። መልእክቱን መጀመሪያ ከሰው ርቄ ለብቻዬ አነበዋለሁ። ከዚያ የትኛው ዱዓ፣ የትኛው ወሬ፣ የትኛው ቃል ኪዳን እንደሆነ እለያለሁ። ገንዘብ፣ ዕዳ ወይም ጥፋት የሚመስል ቃል ካገኘሁ ላኪው በእውነት ያንን ማለቱ መሆኑን ሳላረጋግጥ አፌን አልከፍትም። ወደ አሪኛ የሚሻገር ከሆነም እኔ አልደፍረውም። ቋንቋው የእናቱ ለሆነ ሽማግሌ ሐሳቡን እነግረውና በለቅሶ ቤት እነርሱ እንዴት እንደሚሉት እርሱ እንዲለው አደርጋለሁ።

ያጠፋሁትን አላህ ይማረኝ። ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።