ያልተነበበ ማዘዣ በግምት አይሞላም
(በፀዳ ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የመድኃኒት ማዘዣ ማለት ሐኪሙ ለባለመድኃኒቱ የሚልከው አጭር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ነገር ግን የመድኃኒቱ ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተሸከመውን ቃል ማንበብ አይችልም። እንግዲህ ባለመድኃኒቱ ያልለየውን ስም ገምቶ የሰጠ እንደ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ ስሕተቱን የሚያቃና ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

ግምት እንዴት እንደሚያታልል ለማስረዳት በፍርድ ቤት የታየ አንድ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት አንድ ሐኪም ለልብ ሕመምተኛ ኢሶርዲል የሚባለውን መድኃኒት 20 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ እንዲወስድ አዘዘለት። ጽሕፈቱ የተዝረከረከ ስለ ነበረ ባለመድኃኒቱ ቃሉን ፕሌንዲል ብሎ አነበበውና ያንኑ ሰጠ። ሕመምተኛው ልቡ ተጎድቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። በ1999 ፍርድ ቤቱ ሐኪሙንና ባለመድኃኒቱን እኩል ጥፋተኞች አድርጎ፣ ለቤተ ሰቡ 450,000 ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደባቸው።

ባለመድኃኒቱ እንዲህ የተሳሳተው ለምንድን ነው? ሁለቱ ስሞች በላቲን ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱም አንድ ናቸው። ከዚህም በላይ ፕሌንዲል የደም ግፊት መድኃኒት ስለ ሆነ ለልብ ሕመምተኛ ቢታዘዝ የሚያስገርም አይደለም። ዓይን ያልለየውን ፊደል ልማድ ሞላው፤ የተሞላውም ቃል ትርጉም ያለው ስለ ሆነ ጥርጣሬ አልቀሰቀሰም።

ይሁን እንጂ በዚያው ወረቀት ላይ የሚያስጠነቅቅ ነገር ነበረ። 20 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ማለት በቀን 80 ሚሊግራም ነው። ፕሌንዲል ግን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ከ10 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ስለዚህ የተሰጠው ስምንት እጥፍ ነበረ። ስሙ ሲያጠራጥር ቁጥሩ ከስሙ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ማየት የመጀመሪያው ፈተና ነው።

ነገር ግን ቁጥር ሁልጊዜ አያድንም። በአገራችን መድኃኒት ቤቶች ዘወትር የሚገኙትን ሜትፎርሚንንና ሜትሮኒዳዞልን እንመልከት። የመጀመሪያው ለስኳር በሽታ፣ ሁለተኛው ለአሜባና ለጃርዲያ ይታዘዛል። ስማቸው በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጀምራል፤ ሁለቱም 500 ሚሊግራም ሆነው በቀን ሦስት ጊዜ ሊታዘዙ ይችላሉ። እዚህ ላይ መጠኑን ብናሰላ ምንም አይነግረንም። ለአሜባ የታከመው ሰው ሜትፎርሚን ቢሰጠው አሜባው አይለቀውም፤ መድኃኒቱ ራሱ ተቅማጥ ስለሚያመጣ ደግሞ በሽታው የባሰበት ይመስለዋል እንጂ ስሕተቱ አይታወቅም። የስኳር ሕመምተኛውም ሜትሮኒዳዞል ቢሰጠው፣ መድኃኒቴን በደንብ እየወሰድሁ ነው ሲል ስኳሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሐኪሙ ሕመምዎ ምንድን ነው አሉዎት?» ብሎ ሕመምተኛውን መጠየቅ።

ሆኖም የሕመምተኛው መልስ የምናጣራበት ምልክት ነው እንጂ ማዘዣ አይደለም። የጠራ ነገር ካልተገኘ ጻፊውን ማግኘት ግድ ነው። ሲደወልለትም «ሜትፎርሚን ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ የቸኮለ ሐኪም «አዎን» ሊል ይችላልና። «ምን አዘዙ?» ብለን ስሙንና መጠኑን እርሱ እንዲናገር እናድርግ፤ ከዚያም የሰማነውን ፊደል በፊደል መልሰን እናንብብለት፤ የተባለውንም ከነሰዓቱ በማዘዣው ላይ እንጻፍ።

ከባዱ ነገር ጻፊው ያልተገኘ ጊዜ ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ደጋ የመጣን ሰው፣ መሽቶ አውቶቡሱም ሊሄድበት ሲል፣ «ተመለስ» ማለት ያሳዝናል። ብዙውን ጊዜ የሚያስገምተንም ድንቁርና ሳይሆን ይህ ርኅራኄ ነው። በዚህ ጊዜ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ሐኪም ሕመምተኛውን አይቶ አዲስ ማዘዣ ይጻፍለት። ይህም ካልሆነ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይደር።

በኮምፒዩተር የታተመ ማዘዣ የጽሕፈቱን ችግር ያስወግዳል፤ ነገር ግን ጻፊው ከስሞች ዝርዝር ውስጥ ጎረቤቱን ስም ሊነካ ስለሚችል፣ ቁጥሩንና ሕመሙን ማመሳከር ያን ጊዜም አይቀርም።

ከመካከላችን ነገ ማዘዣ የሚጽፉም አሉ። እነርሱን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፤ የመድኃኒቱን ስም ሳያሳጥሩ በተነጣጠለ ትልቅ ፊደል ይጻፉ፤ በአጠገቡ የታዘዘበትን ሕመም በአንድ ቃል ያመልክቱ፤ ባለመድኃኒቱ ሊጠይቃቸው ሲፈልግ የሚገኙበትን ስልክ ከፊርማቸው በታች ያስቀምጡ።