ፋብሪካው ሳይቆም ወንዙን መለካት



አንድ አነስተኛ የቆዳ ፋብሪካ በወንዝ ዳር ሊተከል ታስቧል እንበል። እንዲህ ያለው ፋብሪካ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 299 ተደንግጓል። የጥናቱ የመጀመሪያ ክፍል ወንዙ ከፋብሪካው በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚመሰክር ነው፤ ስሕተቱም ከዚሁ ሊጀምር ይችላል።

ፋብሪካው በቀን ሁለት ቶን ጥሬ ቆዳ ቢያለፋ፥ 70 ሜትር ኩብ ያህል ቆሻሻ ውሃ ያወጣል። ወንዙ በነሐሴ በየሴኮንዱ 2000 ሊትር የሚያወርድ ቢሆን፥ ቆሻሻው ከ2500 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ አጥኚውም «ጉዳቱ ኢምንት ነው» ብሎ ይጽፋል። በመጋቢት ግን ወንዙ ወደ 20 ሊትር ቢያንስ፥ ያው ቆሻሻ ከ25 እጅ አንዱ ይሆናል። ከብቱ የሚጠጣው፥ አትክልቱም የሚጠጣው ይህንኑ ነው።

ከጉዳቶቹ ዋነኛው ክሮም ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከክሮሙ ሲሦ ያህሉን ሳይዝ ይቀርና ከውሃው ጋር ይወጣል። መከላከያው አረንጓዴውን ውሃ ለይቶ ክሮሙን በማግኒዥየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፥ ዝቃጩንም በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደ ገና በሥራ ማዋል ነው። ጠጕር ከተነቀለበት የሰልፋይድ ውሃ ጋር በአንድ ቦይ ቢገናኝ ግን የሚገድል ጋዝ ይነሣል፤ ምልክቱም የገማ ዕንቍላል ሽታ ነው።

እንግዲህ የጥናቱ ማጠቃለያ ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ፥ አስቀድማችሁ ውሃው የተለካበትን ወር ፈልጉ። ነሐሴ ብቻ ከሆነ፥ ፊርማው እስከ መጋቢት ይቆይ።